ከፎቶው ስር የገባው መስመር

በድሪያ ጅዳ ከተማ፣ ሰቢል በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች ሁለት ክፍል መክተብ፣ ማለትም ቢሮ፣ አምስት ዓመት ሠርታለች። መክተቡ የቤት ሠራተኞችን ከአንዱ ከፊል፣ ማለትም ኃላፊነቱን ከወሰደ አሠሪ፣ ወደ ሌላው ያዛውራል። አሠሪዋ የሞተባት፣ ቤተሰቡ አገር የቀየረባት፣ ወይም ከማዳሟ ጋር መስማማት ያቃታት ሴት ሻንጣዋን ይዛ እዚያ ትመጣለች፤ ሌላ ቤት እስኪገኝላት ድረስም በጀርባ በኩል ባለው ክፍል ከሌሎች ጋር ፍራሽ ላይ ትተኛለች። የበድሪያ ሥራ እነዚህን ሴቶች አነጋግራ፣ የእያንዳንዷን ማንነት በዓረብኛ አንድ ገጽ ላይ ማስፈር ነበር። ገጹን ሁሉም «ሲቪ» ይሉታል። ፎቶ አለው፤ ከዚያ ስም፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ቁመትና ክብደት፣ ቀደም ሲል የሠራችባቸው ቤቶች፣ የምታውቀው ቋንቋ፣ የምትችለው ሥራ። መጨረሻ ላይ «ሂዋያት» የሚል መስመር ነበረው፤ በትርፍ ጊዜዋ የምትወደው ነገር የሚጻፍበት።

ይህን መስመር በድሪያ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ከኮምቦልቻ አጠገብ ከምትገኝ መንደር በሃያ አንድ ዓመቷ ስትመጣ ለእሷም እንዲህ ያለ ገጽ ተጽፎላት ነበር። ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አታውቅም። ጅዳ፣ ባሕሩ አጠገብ ባለው ኦብሑር ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ በገባች በሁለተኛው ሳምንት ማዳሟ የእህቷን ቤት ልብስ በሦስት ትልልቅ ከረጢት አስመጥታ ፊቷ ቆለለችላት። በድሪያ ገና በምልክት ነበር የምትግባባው፤ ወደ ከረጢቶቹ ጠቁማ «ይሄም?» አለች። ማዳሟ ስልኳን አውጥታ ገጹን አሳየቻት፤ መጨረሻው መስመር ላይ ጣቷን አስቀምጣ «ልብስ መተኮስ ትወጃለሽ፣ ተጽፏል» አለቻት ካውያ እንደያዘ ሰው እጇን እያመላለሰች። በድሪያ የዚያን ቤት ልጆች የቤት ሥራ ከጎናቸው ተቀምጣ እያየች ዓረብኛ ማንበብና መጻፍ ለምዳለች፤ ዘጠኝ ዓመት የተኮሰችውም በዚያው ቤት ነው።

ስለዚህ መክተቡ ጸሐፊ አድርጎ ሲቀጥራት አንድ ነገር ለራሷ ወሰነች። ያ መስመር ከሴቲቱ አፍ የወጣ ካልሆነ አይሞላም።

የመክተቡ ባለቤት አቡ አሚር ይባላሉ፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ የሱፍ ፍሬ ከእጃቸው የማይጠፋ የጅዳ ሰው ናቸው። ቅርፊቱን በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ይተፉታል፤ የብርጭቆው ውስጥ ሁልጊዜ እርጥብና ጥቁር ነው። በድሪያ ማጠቡ የእሷ ሥራ ባይሆንም ከፊቷ ለማራቅ ስትል ታጥበዋለች። ክፉ ሰው ናቸው የሚላቸው የለም። በረመዳን ለሴቶቹ ተምር ያስመጣሉ፤ አንዷ ስትታመም ራሳቸው በመኪናቸው ክሊኒክ ይወስዷታል። ስለ ሴቶቹ ሲያወሩ ግን ድምፃቸው አይቀየርም፤ ስለ መኪናቸው ጎማ ሲያወሩ ያለው ድምፅ ነው።

እሳቸው መስመሩን በሌላ ዓይን ያዩት ነበር። አንዷ ማንበብ እወዳለሁ ስትል፣ «ይሄንን አጥፊው፣ ደንበኛው ስልክ ላይ ተጥዳ የምትውል ይመስለዋል» አሉ። ሌላዋ ኳስ ማየት አለች፤ «ቴሌቪዥኑን ልትወስድባቸው ነው» አሉ። መንዙማ እወዳለሁ ያለችውን ግን «ጥሩ፣ ሃይማኖተኛ ናት» ብለው አስቀሩት። በድሪያ ቀስ በቀስ የገባት፣ ሴቲቱ ስለራሷ የምትለውን አንባቢው ስለራሱ አድርጎ እንደሚያነበው ነው። የወደደችው ነገር ወይ ከእሱ ሰዓት የሚሰረቅ ይሆናል፣ ወይ ለእሱ የሚጨመር ሥራ። ሦስተኛ ዓይነት ንባብ አላጋጠማትም።

ሚስከር የመጣችው ባለፈው ዓመት ከበጋው ሙቀት በፊት ነው። ሃያ ሦስት ዓመቷ፤ የሐይቅ ልጅ። መካ ውስጥ አንዲት አሮጊት ስትጦር ቆይታ አሮጊቷ ስለሞቱ ነው ወደ መክተቡ የተላከችው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትናገር ቃል የማታባክን ልጅ ናት። በድሪያ ከፊቷ አስቀምጣ ገጹን እየሞላች መጨረሻው ላይ ደረሰች።

«አሁን ደግሞ ከሥራ ውጭ የምትወጂውን ንገሪኝ። ካልፈለግሽ ባዶ እተወዋለሁ።»

ሚስከር ግራ ገባት። «ምን ይሠራላቸዋል?»

«ለአንዳንዱ ምንም። አንዳንዱ ደግሞ ሰው መሆንሽን ያይበታል ብዬ ነው።»

ልጅቷ እጆቿን ጭኗ መሃል አደረገች። «መዋኘት» አለች። «አባቴ ሐይቁ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። ልጅ ሆኜ ከታንኳው ዘልዬ እገባ ነበር። እናቴ ሴት ልጅ ናት ብላ ትጮኻለች፣ እሱ ይስቃል። ውሃው ውስጥ ስገባ ጆሮዬ ሲደፈን... እሱን እወደዋለሁ። ማንም አይጠራኝማ።»

በድሪያ ሳቀች። ከዚያ ብዕሯን አንስታ ቆመች። መዋኘት የሚለው ቃል ጅዳ ውስጥ፣ ባሕሩ አጠገብ ላለ ቤት የሚላክ ገጽ ላይ፣ ምን ተብሎ እንደሚነበብ ለአፍታ አሰበች። «ልጻፈው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ጻፊው እትዬ በድሪያ። ውሸት አይደለም።»

ጻፈችው። ግን ተጠንቅቃ ነው የጻፈችው። «የምትችለው ሥራ» ከሚለው ረድፍ አራቀችው፤ እዚያ ከገባ ሙያ ይሆናል፣ ሙያ ከሆነ ይታዘዛል። ከሁሉም በታች፣ በመጨረሻው መስመር፣ «በልጅነቷ በአገሯ ሐይቅ መዋኘት ትወድ ነበር» ብላ ባለፈ ጊዜ አሠረችው። መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ነገር ለሥራው የግድ እንዳልሆነ አንባቢው ይረዳል ብላ አመነች።

አቡ አሚር ገጹን ስልካቸው ላይ ሲያዩ የሱፍ ፍሬ መፈልፈላቸውን አቆሙ።

«ይሄ ወርቅ እኮ ነው፤ ለምን ከታች ቀበርሽው?»

«ትርፍ ጊዜዋ ነው፣ አቡ አሚር። ሥራዋ አይደለም። ቦታው እዚያ ነው።»

«ከታች ያለውን ማን ያነባል? ደንበኛው ስልኩ ላይ የሚያየው ፎቶውንና ከሥሩ ያሉትን ሁለት መስመሮች ነው። ኦብሑር ባሕሩ ላይ የመዝናኛ ቤት፣ ሻሊህ ያለው ሁሉ የሚፈልገው ይሄንን ነው።»

«እሷ ልጅ ሆና ዋኝታለች እንጂ የሰው ልጅ ልጠብቅ አላለችም። ልጅ ከውሃ የሚያወጣ ሰው የሚማረው ትምህርት አለ። እሷ አልተማረችም።»

«እኔ ምን ጨመርኩ? አንቺ የጻፍሽውን ነው ወደ ላይ የማወጣው።»

በድሪያ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ገጹ እሷ እንዳስቀመጠችው ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ስትገባ የገጹ ምስል ለደንበኞች ሁሉ በዋትስአፕ ተልኳል። ከሚስከር ፎቶ ስር፣ ከስሟ በፊት፣ በወፍራም ቀይ ፊደል «ዋናተኛ፤ ከልጆች ጋር ለባሕርና ለገንዳ ተስማሚ» ይላል። ቀትር ሳይሞላ አንድ ቤተሰብ ያዛት። በድሪያ ሚስከርን ጠርታ ምን እንደተጻፈ ነገረቻት፤ እምቢ ማለት እንደምትችልም። ሚስከር ሻንጣዋን እየዘጋች ነበር። ጀርባው ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሆነው ነበር የሚተኙት፤ ማንም ቶሎ መውጣት ይፈልጋል። «እዋኛለሁ እኮ» አለች ብቻ።

የወሰዳት ቤተሰብ ቤት ኦብሑር፣ ባሕሩ ጫፍ ላይ ያለ ሻሊህ ነው። ሚስከር እዚያ የገጠማትን ለበድሪያ የነገረቻት በኋላ ነው። በሳምንቱ ቀናት እንደማንኛውም ቤት ታጸዳለች፣ ታጥባለች፣ ታበስላለች። ዓርብ ዓርብ የማዳሟ እህቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ልጆቹ ስምንት ዘጠኝ ይሆናሉ። ከዐስር ሶላት ጀምሮ መግሪብ እስኪደርስ ሚስከር ከነልብሷ ወገቧ ድረስ ጨው ውሃ ውስጥ ትቆማለች። ሴቶቹ ጥላው ስር ተቀምጠው ያወራሉ። አንድ ልጅ ሲጮህ «ሚስከር» ይላሉ ቀና ሳይሉ። ስትወጣ ቆዳዋ ይቃጠላል፣ ጭኗን ጨዉ ይልጠዋል፤ ከዚያ ደግሞ የእራቱ ዕቃ ይጠብቃታል።

በስድስተኛው ዓርብ የማዳሟ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ሙኒር፣ በውሃው ላይ የተዘረጋውን ገመድ በስር ሾልኮ አለፈ። ሚስከር ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ክንዷን ይዘዋት ነበር። ጭንቅላቱ ሲጠፋና ሲወጣ አየችው፤ ልጆቹን አስለቅቃ ገባች። መዋኘቱን ታውቅበታለች፤ የሚሰጥም ሰው መያዝን ግን ማንም አላስተማራትም። ልጁ ስትደርስበት አንገቷ ላይ ተጠመጠመ፤ ልብሷ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ሁለቱም ወደ ታች ሄዱ። እንዴት እንደወጣች ራሷም አታውቅም። ፀጉሩን እንደያዘች ታስታውሳለች። አሸዋው ላይ ስትጥለው አስመለሰ፣ አለቀሰ፣ ተረፈ። ማዳሟ ልጇን አቅፋ ወደ ቤት ሮጠች። ሚስከር በእጇና በጉልበቷ ተደግፋ ጨው ውሃ ስታስመልስ አጠገቧ የቆመ ሰው አልነበረም። አንገቷ ላይ የልጁ ጥፍር የቧጠጠው ነበር።

በማግሥቱ ማዳሟ ራሷ በመኪና መክተቡ ድረስ አመጣቻት። በድሪያ እዚያው ነበረች።

«ዋናተኛ ብላችሁ ነው የሰጣችሁኝ» አለች ማዳሟ፤ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ቀዩን ፊደል እያሳየች። «ልጄ ሊሞት ነበር። ፀጉሩን ነጭታዋለች። ሌላ ስጡኝ።»

ልጇ ተርፎላት ነው የመጣችው። ያወጣችው ሴት ደግሞ በሩ ስር ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። በድሪያ ይሄንን ልትላት አፏን ስትከፍት አቡ አሚር በእጃቸው ከለከሏት፤ ይቅርታ ጠየቁ፣ ሌላ ሠራተኛ እንደሚሰጧት ቃል ገቡላት፣ እስከ ደረጃው ሸኟት። ተመልሰው ሲቀመጡ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። እያሰቡ ነበር።

«በድሪያ፣ ገጹን ክፈቺው» አሉ። «ዋናተኛ የሚለውን ተዪውና ከሥሩ ጨምሪ። ‹በመስጠም ላይ የነበረ ሕፃን ከባሕር አውጥታለች›። ፎቶዋንም ቀይሪው፣ አንገቷ እስኪድን ሂጃቡን ከፍ ታድርግ።»

በድሪያ መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ቀጥሎ ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አፏን ያዘች። ከውስጧ የመጣው ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር። ጥላቻም አልነበረም። ቆሻሻ ነገር ጎርሳ እንደማወቅ ነው። ከሁሉ የከበዳት ደግሞ የመጀመሪያውን ቃል ያስቀመጠችው የእሷ እጅ መሆኑ ነው። ልጅቷ ጆሮዋ ሲደፈን ማንም አይጠራኝም ያለችውን ነገር ወስዳ፣ ንጹሕ መስሏት፣ እነዚህ ሰዎች እጅ ውስጥ ያኖረችው እሷ ናት። በመጨረሻው መስመር ማስቀመጧ አላዳነውም። ገጹን ማን እንደሚይዘው ካላወቅህ የመስመሩ ቦታ ዋጋ የለውም፤ ከታች ያለው ወደ ላይ ለመውጣት አንድ ጣት ብቻ ይበቃዋል።

ከመታጠቢያው ወጥታ ወደ ጀርባው ክፍል ሄደች። ሚስከር ፍራሹ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች።

«አቡ አሚር ልጁን ማውጣትሽን ጻፊው ይላሉ» አለቻት። «እንደ ሙያ።»

ሚስከር ሂጃቧን ወደ አንገቷ ሳበች። «መዋኘት አልችልም ብለሽ ጻፊልኝ።»

«እሱማ ውሸት ይሆናል።»

«ይሁን።»

«ውሸት አያስፈልግሽም» አለች በድሪያ ከጎኗ ተቀምጣ። «ማንም ስለሱ የመጠየቅ መብት የለውም። ባዶ እንተወው። ገጹ ላይ የሌለ ነገር እምቢታ አይደለም፣ ውሸትም አይደለም። ያንቺ ነው፣ በቃ።»

«ያኔ ለምን እንዲህ አላልሽኝም?»

በድሪያ «ሰው መሆንሽን ያያሉ ብዬ ነው» ማለት ትችል ነበር። ቃሉ ራሱ አቅለሸለሻት።

ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ገጹን እንደገና ጻፈችው። ስም፣ ዕድሜ፣ መካ አሮጊት ስትጦር የቆየችበት ጊዜ፣ ዓረብኛ መካከለኛ፣ ምግብ፣ ጽዳት፣ ለታመመ ሰው እንክብካቤ። ከፎቶው ስር ያለውን ቀይ ፊደል ደመሰሰችው። «ሂዋያት» የሚለውን መስመር ከነስሙ አወጣችው፤ ከሚስከር ብቻ ሳይሆን ከቅጹ ራሱ፣ ከሁሉም። ከዚያ አቡ አሚርን ፊት ለፊት ነገረቻቸው።

«ያንን መስመር ከእንግዲህ እኔ አልጽፈውም። ለማንም።»

«ደንበኛ ይወደዋል።»

«ደንበኛው አሠሪ ነው። የምትችለውን ይወቅ፣ ይበቃዋል። የምትወደው ለእሱ ምኑም አይደለም።»

«አንቺ ነሽ እኮ ጠይቀሽ የምትጽፊው» አሉ እየሳቁ። «እኔ ብቻዬን ብሆን ለሁሉም ጽዳት ብዬ አልፈው ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ያ ነበር ደግሞ የበለጠ የቀፈፋት።

በሁለተኛው ሳምንት መካ ውስጥ ያለ አንድ ቤተሰብ ሚስከርን ጠየቀ። ግማሽ ጎናቸው የማይንቀሳቀስ እናት አሏቸው፤ የሚፈልጉት በሽተኛ ማገላበጥ የምታውቅ ሰው ነው። በድሪያ ወረቀቱን ለማስፈረም አብራት ሄደች። ባሕር የለበትም ብላ ሚስከር በመንገዱ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። ቤቱ ተራራ ተቦርቡሮ የተሠራ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈተችላቸው የአሮጊቷ ልጅ ኸውላ ናት፤ አርባዎቹ መጨረሻ ላይ ያለች፣ መነጽር ያደረገች አስተማሪ። ሁለቱንም እኩል አስቀመጠቻቸው፣ ለሁለቱም እኩል ሻይ ቀዳችላቸው። በድሪያ ይሄንን ቆጠረችው፤ ብዙ ቤት አይታለች።

ኸውላ ገጹን ከስልኳ ላይ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ ሚስከርን አየቻት።

«ሥራሽን አይቻለሁ፣ ጥሩ ነው። እናቴ ቀኑን ሙሉ የምታየው አንቺን ነው የሚሆነው። ምን ትወጃለሽ? ስለ ምን ብታወሩ ደስ ይልሻል? እዚህ ምንም አልተጻፈም።»

ጥያቄው ከልብ የመጣ ነው። በድሪያ ድምፁን ታውቀዋለች፤ አምስት ዓመት ስትጠብቀው የነበረው አንባቢ ይሄ ነበር፤ መስመሩን እንደ መስመር የሚያነብ። ዓረብኛውን ለሚስከር ተረጎመችላት፣ ባያስፈልጋትም። ሚስከር ሁሉንም ሰምታለች።

«ምንም» አለች ሚስከር።

«ምንም?» አለች ኸውላ።

«ምንም አልወድም። ሥራ ብቻ።»

በድሪያ ሻይዋን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ልጅቷ ስትዋሽ ፊቷ አልተንቀሳቀሰም፤ ከአንዲት ደህና ሴት ፊት፣ ጥሩ ቤት ውስጥ፣ ራሷን ደመሰሰች። ኸውላ ትንሽ ቅር እንዳላት ያስታውቃል፤ ግን አልተጫነችም፤ «እሺ፣ እንተዋወቃለን» ብላ ፈረመች። በድሪያ ደረጃውን ብቻዋን ስትወርድ ያ የቆሻሻ ጣዕም ተመልሶ አፏን ሞላው። አቡ አሚርን አሰበች፣ ማዳሟን አሰበች፣ ከሁሉም ይልቅ ግን «ሰው መሆንሽን ያይበታል» ያለችውን የራሷን ድምፅ።

ከወር በኋላ አቡ አሚር «ሂዋያት» የሚለውን መስመር መለሱት። በዚህኛው ጊዜ ማንንም አልጠየቁም፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ፤ «ጽዳትና ሕፃናት መንከባከብ»፣ ከፎቶው ስር። በድሪያ ጠዋት ገብታ አየችው፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ከእርጥቡ ብርጭቆ ጎን አስቀመጠች። «ኸላስ? በቃ?» አሏት አቡ አሚር። «ኸላስ» አለቻቸው። አልተጨቃጨቁም።

አሁን እዚያው ሰቢል አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ በሽተኞች ትመዘግባለች። የክሊኒኩ ባለቤት የሠራተኞቹን ስምና ጥቂት መስመር ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ፈልጎ፣ ስለራሷ ምን ልጻፍልሽ ብሎ ጠይቋት ነበር። ስሜንና በአማርኛና በዓረብኛ በሽተኛ መመዝገቤን ጻፍ አለችው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር። አንዲት ነርስ ከራሷ ስም ሥር «አትክልት መትከል ትወዳለች» አስብላለች፤ በድሪያ አነበበችውና ለእሷ ደህና ነው አለች፤ ራሷ ፈቅዳ ነው፣ የሚያነበውም ማስታገሻ ሊወስድ የመጣ ሰው ነው።

ሚስከር መካ አለች። አሮጊቷን ትጦራለች፤ ኸውላ ደግ ናት። በድሪያ ስትደውልላት ስለ አሮጊቷ ቁስል፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ኢቃማዋ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዷ እድሳት ያወራሉ። ስለ ሐይቁ አንዳቸውም አያነሱም።